ውሉ አይታደስም ብሎ መንገር

«ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል ውስጥ የግዢ ሠራተኛ ነኝ። ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም። አንዲት እናት ለ6 ዓመት እንቁላል አቅርበውልናል። ባለቤቱ አዘዞ ላይ የራሱን ዶሮ ማርባት ስለጀመረ፣ ጥር 30 የሚያልቀው ውል አይታደስም ብሏል። ንገራቸው የተባልኩት እኔ ነኝ። ሳላስቀይማቸው እንዴት ልንገራቸው?»

መጀመሪያ ውሉን አውጥተህ አንብብ። «ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተገለጸ እንደታደሰ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ካለው፣ ደብዳቤው ከታኅሣሥ 30 በፊት እጃቸው መግባት አለበት። አንተ ግን እስከዚያ አትጠብቅ። በዚህ ሳምንት ሂድ።

የማስቸኩልህ በዶሮዎቹ ምክንያት ነው። አንዲት ጫጩት እንቁላል መጣል እስክትጀምር 5 ወር ገደማ ትቀለባለች። እኚህ እናት ውሉን ተማምነው ያረጁትን ዶሮዎች በቄብ ሊተኩ አሁን ብር እየቆጠሩ ይሆናል። ጊዜውም ክፉ ነው። የጥምቀት እንግዳ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ይገባል፤ 55 ቀን እንቁላል ፈላጊ ያንሳል። ዶሮ ግን መኖ መብላቷን አታቆምም።

ከመሄድህ በፊት ፋይናንስ ጋ ገብተህ ያልተከፈላቸውን ሂሳብ እስከ ሳንቲሙ እወቅ። አለቃህንም ጠይቅ፦ እስከ ፋሲካ ያለ ውል ጥቂት ትሪ በሳምንት እንውሰድ? የምስክርነት ደብዳቤስ እንጻፍላቸው? እሺ ካላለህ ሁለቱንም አታንሳ።

ቤታቸው ሂድ። በስልክ አይሆንም፣ እንቁላል ሲያወርዱ በዘበኛና በሹፌር ፊትም አይሆንም። ቡና ማቅረባቸው አይቀርም፤ አቦሉ ሳይቀዳ ተናገር። እኔ በወጣትነቴ በረካው እስኪያልቅ አፌን ይዤ ቆይቼ በር ላይ ነገርኩ። ሰውየው «ይህን ይዘህ ነው ቡናዬን የጠጣኸው?» አሉኝ። እስካሁን ያመኛል።

እንዲህ በል፦ «እትዬ፣ ደስ የማይል ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ሆቴሉ የራሱን ዶሮ ስለጀመረ ውሉ ጥር 30 ያበቃል፣ አይታደስም። በእርስዎ እንቁላል ቅር ያለው ሰው የለም። ቄብ ሳይገዙ ይወቁት ብዬ ነው።» ከዚያ ዝም በል። «ገበያ ቀዝቅዞ ነው» እንዳትል፤ የአዘዞው እንቁላል ኩሽናችሁ ሲገባ ከተማው ይነግራቸዋል።

«ዋጋ ብቀንስስ?» ማለታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው። አዝኖ «እስቲ አለቃዬን ላነጋግር» ይላል፤ እሳቸውም ያንን ተስፋ ይዘው ቄቡን ይገዛሉ። «በዋጋ አይደለም እትዬ፣ ያለቀ ነገር ነው» በላቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ደብዳቤውን ከወሬው በኋላ ስጥ። የመጨረሻው ርክክብ ቀን፣ ቀሪ ሂሳብና የሚከፈልበት ቀን፣ የሚመለሱላቸው ትሪዎች ብዛት ይጻፍበት። ክፍያውን ግን አንተው ተከታትለህ አስፈጽም፤ ቂም የሚጀምረው የመጨረሻዋ ቼክ ስትጓተት ነው። አዘዞ ያሉትን ዶሮዎች ፈንግል የገባባቸው ቀን ደግሞ፣ ለቁርስ እንቁላል ፍለጋ ቀድመህ የምትደውለው ለእሳቸው ነው።