የአንድ ቤት አራት ምስሎች፦ ድንጋዩም ፀሐዩም እንዳይለዋወጥ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምሠራ ጀማሪ አርክቴክት ነኝ። የአንድን ቤት ፊት፣ ጀርባና ጎን በምስል አመንጪ ፕሮግራም ለየብቻ ሳወጣ የግድግዳው ድንጋይም ብርሃኑም በየምስሉ ይለያያል። ያንኑ ጽሑፍና ያንኑ Seed እየሰጠሁት ለምን ይሆናል? ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ይህ ነገር እኔንም ሐይቅ ከተማ አጠገብ ለሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ምስል ሳዘጋጅ ሁለት ሳምንት አስጨንቆኛል። ቤቱ የጥርብ ጥቁር ድንጋይ ግድግዳ፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶ የቆመ በረንዳ አለው። ባለቤቱ አራቱን ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አዩና «ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው የምትሠራልኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ፊት ላይ ከሰል የመሰለው ድንጋይ ጀርባ ላይ ቡናማ ሆኗል፤ ፀሐይም በአራቱም ግድግዳ ላይ እኩል ታበራለች።

Seed የሚወስነው ምስሉ የሚነሣበትን የነጠብጣብ ትርምስ ብቻ ነው። እይታው ሲቀየር፣ ፊት ለፊት ግድግዳ የነበረበት ቦታ በጎን እይታ ሰማይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ያው ትርምስ ያንኑ ድንጋይ አይሰጥህም። «ጥቁር ድንጋይ» የሚለው ጽሑፍም ብዙ ዓይነት ድንጋይን ያቅፋል፤ ፕሮግራሙ በየጊዜው አንዱን ይመርጣል። የድንጋዩንና የፀሐዩን ምርጫ ከእርሱ ወስደህ በቤቱ የ3D ሞዴል ላይ አስቀድመህ መጨረስ አለብህ።

ከፀሐይ ጀምር። እኔ SketchUp ላይ ቦታውን ሐይቅ፣ ቀኑን ዲሴምበር 21፣ ሰዓቱን 9:00 አደረግሁ። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው፤ 3:00 ብለህ ብታስገባ ሌሊት ይሆንብሃል። የሰዓት ክልሉም UTC+3 መሆኑን አረጋግጥ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከደቡብ ምሥራቅ በ30 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ 3 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ በደልዳላ መሬት ላይ 5 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። የደቡቡና የምሥራቁ ግድግዳ ይበራሉ፤ የሰሜኑና የምዕራቡ ጥላ ውስጥ ናቸው። የእኔ ቤት ጀርባ ወደ ሰሜን ስለሚያይ ጨለም ማለቱ ትክክል ነበር። ፕሮግራሙ ግን ለብቻው ሲተው እያንዳንዱን ምስል እንደ ቤቱ ፊት አድርጎ ያበራዋል። ስለዚህ ከሞዴሉ አውጥቼ ለፕሮግራሙ የምሰጠው መነሻ ምስል ጥላው የወደቀበት፣ የድንጋዩና የቆርቆሮው ቀለም የተቀባበት መሆን አለበት።

ዋናው መፍትሔ የተገኘው አራቱን እይታዎች በአንድ ሉህ ላይ ስደረድር ነው። እያንዳንዱን 768×512 አድርጌ ሁለት በሁለት ስገጥማቸው 1536×1024 የሆነ አንድ ምስል ወጣ። እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ያለውን ርቀት የሚያሳዩትን የጥልቀት ካርታዎቻቸውንም በዚያው አደራደር ገጥሜ ለ ControlNet ሰጠሁ፤ ቅርጹን የሚይዘው እርሱ ነው። ፕሮግራሙ አንዱን የምስል ክፍል ሲሠራ ሌላውን ክፍል ስለሚያይ፣ በአንድ ሉህ ላይ ያለ ድንጋይ ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል። ለየብቻ ሲሠሩ ግን የሚተያዩበት መንገድ የለም። ፕሮግራሙ መነሻውን ምስል ምን ያህል እንዲቀይር የሚወስነውን Denoising strength 0.4 ላይ አቆየሁት። ከ0.6 ሲያልፍ ጥላው መዞር ጀመረብኝ፤ ከ0.3 በታች ደግሞ ምስሉ ከሞዴሉ ፕላስቲክ መልክ አልወጣ አለ። ሉህ ሲያምርልህ ቆርጠህ እያንዳንዱን አሳድግ፤ በዚህ ጊዜ 0.2 ይበቃል። እዚህ ላይ ካበዛኸው ድንጋዩ እንደገና ይለያያል።

ቀለሙ ከተስማማ በኋላም የድንጋዩን መጠን ተመልከት፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው። ፕሮግራሙ ቤቱ ቅርብም ይሁን ሩቅ ድንጋዩን በምስሉ ላይ ተቀራራቢ ስፋት አድርጎ ይስላል። ውጤቱም በቅርቡ እይታ ልከኛ የነበረው ድንጋይ በሩቁ እይታ የአንድ ሜትር ቋጥኝ ይሆናል። መለኪያው በር ነው፤ የእኔ በር 2.10 ሜትር፣ ድንጋዩ ከነመጋጠሚያው 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከበሩ አጠገብ 10 ረድፍ መቆጠር አለበት። በመጀመሪያው የጎን ምስሌ 4 ብቻ ቆጠርሁ። ማንኛውም የወሎ ግንበኛ ያንን ግድግዳ ሲያይ «ይህንን ማን ያነሣዋል?» ይላል። መፍትሔው የረድፎቹን መሥመር በመነሻው ምስል ላይ ጠቆር አድርጎ ማውጣት ነው።

ቀለም ስታወዳድር ደግሞ ፀሐይ የመታውን ግድግዳ ፀሐይ ከመታው፣ ጥላውን ከጥላው ጋር ብቻ አስተያይ። ከእያንዳንዱ ምስል ትንሽ ቁራጭ ቆርጠህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በጥላ ያለ ድንጋይ የሰማይ ብርሃን ስለሚያርፍበት ሰማያዊ ማለቱ ስህተት አይደለም፤ ቡናማ ከሆነ ግን ድንጋዩ ተቀይሯል ማለት ነው።

ቆርቆሮው በዚህ ሁሉ መንገድ አልተስተካከለልኝም። በሁለቱ እይታዎች ሞገዱ ጠፍቶ ለስላሳ ሆነ። ጣሪያውን ብቻ በማስክ ከልዬ፣ ከሞዴሉ የወጣውን ጣሪያ መልሼ ለጠፍሁና በ0.25 አንድ ጊዜ አሳለፍሁት። ቀሪውን አልነካሁም።