ስለ ኒውትሮን ስታር ፍጥነትና ስለ ፐልሳር ምት (መልስ)

«ኒውትሮን ስታርን እንደዛ የሚያሽከረክረው ምንድነው? ፐልሳርስ እንዴት ሳይዛነፍ ሬድዮ ይልካል?»

ማንም አላሽከረከረውም ባክህ፣ ሽክርክሪቱ ድሮም ኮከቡ ውስጥ ነበረ። ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ መሃሉ ያለው የብረት እምብርት በራሱ ክብደት ይደረመሳል፣ ኒውትሮን ስታር የሚባለው ይሄ የተጨመቀው እምብርት ነው፣ አንግዩላር ሞመንተሙ ማለትም የመሽከርከር ጉልበት ክምችቱ ግን አብዛኛው እዛው ስለሚቀር ሬዲየሱ ሲያንስ ፍጥነቱ በስኩዌር ይጨምራል። በቁጥር እንየው፣ እምብርቱ 3000 ኪሎሜትር ሬዲየስ ኖሮት በ30 ደቂቃ አንዴ ይዞር ነበር እንበል፣ ወደ 12 ኪሎሜትር ሲወርድ 250 ጊዜ አነሰ፣ 250 በ250 ደሞ 62,500 ነው፣ 1800 ሰከንዱን ለሱ ስታካፍለው 0.029 ሰከንድ ይመጣል። ክራብ የሚባለው ፐልሳር፣ ማለትም ሬድዮ የሚልክ ኒውትሮን ስታር፣ አንዴ የሚዞረው በ0.033 ሰከንድ ነው፣ እየው እንግዲህ!

ምቱን በተመለከተ ኮከቡ ብልጭ ድርግም እያለ አይደለም፣ የሬድዮ ጨረሩ ከማግኔት ዋልታዎቹ ዝም ብሎ ይወጣል። የማግኔቱ ዘንግ ከሚሽከረከርበት ዘንግ ጋር ስለማይገጥም ጨረሩ እንደሚዞር ባትሪ ሰማዩን ይጠርጋል፣ እኛ ጋ ባለፈ ቁጥር አንድ ምት እንሰማለን፣ እኛን ከሳተ ፐልሳር መሆኑንም ላናውቅ እንችላለን።

አለመዛነፉ ከክብደቱ ነው፣ ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ 24 ኪሎሜትር ኳስ ውስጥ ታጭቆ ሲሽከረከር ምን ያናጋዋል? ግን ፍፁም እንዳይመስልህ፣ ነጠላ ምቶች ቅርፃቸው ይለያያል፣ የሚረጋው ብዙ መቶ ምቶች ተደምረው አማካዩ ሲወሰድ ነው። ክራብም ጉልበቱን እየረጨ ስለሆነ የአንድ ዙር ጊዜው በዓመት ወደ 13 ማይክሮሰከንድ ይረዝማል፣ አልፎ አልፎ ደሞ ግሊች የሚሉት አለ፣ ድንገት ትንሽ ይፈጥናል።