50 ቢሊዮን ከ10 ቢሊዮን ይሻላል?

«ዶክተር፣ እናቴ ኬሞ ላይ ናት፣ ደረቷ ላይ መድኃኒት ወደ ደም ሥር የሚገባበት ፖርት አላት። አንቲባዮቲክ ታዞላት ተቅማጥ ጀመራት። ሁለት ዓይነት ፕሮባዮቲክ ገዛሁላት፣ አንዱ 10 ቢሊዮን ሌላው 50 ቢሊዮን ይላል። 50ው አይሻልም? መዋጥ ስለሚያስቸግራት ካፕሱሉን ከፍቼ በውሃ ልበጥብጥላት?»

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስጫት፣ ካፕሱሉንም እሷ አጠገብ እንዳትከፍቺው።

ፕሮባዮቲክ ለአንጀት ይጠቅማሉ ተብለው የሚወሰዱ ሕያው ጥቃቅን ተህዋሲያን ናቸው። ቢሊዮን የሚለው ቁጥር ምን መሰለሽ፣ ዱቄቱን በጥብጠው ምግብ ያለበት ሳህን ላይ ሲያፈሱት አድገው በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ የሚሆኑት፣ ማለት በሕይወት ያሉት ናቸው የሚቆጠሩት። ስለዚህ ቁጥሩ ስንት ሕያው እንዳለ ይነግርሻል እንጂ ይሠራል አይሠራም አይነግርሽም። ደግሞ አንዳንዱ እሽግ የሚጽፈው በተመረተ ቀን የነበረውን ነው፣ ሙቀት ቦታ ከከረመ ብዙው ሞቶ ይሆናል። እኔ የማምነው እስከ መጠቀሚያው ጊዜ ማብቂያ ድረስ ይህን ያህል አለ የሚለውን ነው።

ከቁጥሩ በፊት የሚታየው ስሙ ነው፣ እሱም እስከ መጨረሻው። ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ብሎ ከቆመ አይበቃም፣ ጂጂ የሚል ከጎኑ ካለ ግን የተጠናው ስትሬይን፣ ማለት የዝርያው ንዑስ ዓይነት፣ እሱ ነው፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚመጣን ተቅማጥ ለመከላከል ጥሩ ማስረጃ አለው። የአንዱ ስትሬይን ውጤት ለወንድሙ አይተላለፍም፣ 50 ቢሊዮን ያልተጠና 10 ቢሊዮን የተጠናውን አይበልጥም።

ይሄ ሁሉ ግን የሰውነቱ በሽታ መከላከያ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ሌላው በብዛት የሚሸጠው ሳካሮማይሲስ ቦላርዲ ባክቴሪያ ሳይሆን እርሾ ነው። ካፕሱሉ ሲከፈት ብናኙ አየር ላይ ይቆያል፣ እጅ ላይ ይቀራል፣ ያ እጅ የፖርቱን መርፌ ወይም ቱቦ ሲነካ እርሾው ደም ውስጥ ቀጥታ ይገባል። አጠገብ አልጋ ያለ፣ ራሱ ምንም ያልዋጠ በሽተኛ ላይ ሳይቀር የታየ ነገር ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 መከላከያቸው ለተዳከመ፣ በጠና ለታመሙና እንደ ፖርት ያለ ማዕከላዊ የደም ሥር ቱቦ ላለባቸው አይሰጥ ያለው በዚህ ነው። ባክቴሪያዎቹም ቢሆኑ ኬሞ የአንጀትን ሽፋን ሲያቆስለው ሊሾልኩ ይችላሉ፣ ነጭ የደም ሴሏ በወረደበት ሰሞን ደግሞ የሚይዛቸው የለም። የአካል ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ አይሲዩ የተኛም ሐኪም ሳያዝ አይወስድም። በከባድ የቆሽት ብግነት ላይ ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ተሞክሮ በ2008 ውጤቱ ሲወጣ ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ወገን ብዙ ሞቶበታል፣ እዚያ ጭራሽ አይነካም።

ተቅማጡን በተመለከተ ሰገራዋ ለሲ ዲፍ፣ ማለት ከአንቲባዮቲክ በኋላ ተቅማጥ ለሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ይመርመር፣ ማቆሚያ ክኒን ከዚያ በፊት በራስሽ አትስጫት። ሙቀቷ 38 ከደረሰ ወይም በፖርቱ መድኃኒት ሲገባ ብርድ ብርድ ካላት ሌሊትም ቢሆን ውሰጃት። ካፕሱሉን ቀድመሽ ሰጥተሽ ከሆነ እሽጉን ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሞቿ አሳዪ፣ አንቲባዮቲክ እርሾን ስለማይገድል ላብራቶሪው ደሟ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ ሕክምናው ይዘገያል።