አንድ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ሲከፈል፦ ለወጣት የሂሳብ ሠራተኞች

በሀዋሳ በየሆቴሉ፣ በየእንግዳ ማረፊያውና በየመደብሩ የሂሳብ ሥራ የጀመራችሁ ልጆቼ፣ ዕቃ በኢንተርኔት አዝዞ በባንክ መክፈል አሁን የዕለት ሥራችሁ ሆኗል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት አጋጣሚ አለ። ይህን ለማግኘት የባንኩን የሂሳብ መግለጫ ከሻጩ ድረ ገጽ ከሚወርደው የትዕዛዝ ዝርዝር ጋር ማስታረቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችሁ ግን መግለጫውን ብቻ ታዩና ሁለት እኩል ቁጥር ስታገኙ “ድርብ ክፍያ” ብላችሁ ትደመድማላችሁ። እኔ የምለምናችሁ እንዲህ እንዳትቸኩሉ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በሐይቁ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሳሙና በካርቶን ያዝዛል እንበል፤ የአንዱ ትዕዛዝ ዋጋ 2,400 ብር ነው። በወሩ የባንክ መግለጫ ላይ 2,400 ብር አራት ጊዜ ወጥቷል፤ ሁለቱ በ13ኛው ቀን፣ አንዱ በ20ኛው፣ አንዱ በ21ኛው። ዓይን ወዲያው የሚሄደው ወደ 13ኛው ቀን ነው። የትዕዛዝ ዝርዝሩን ስትከፍቱ ግን በዚያ ቀን ሁለት የተለያየ ቁጥር ያላቸው ትዕዛዞች ታገኛላችሁ፤ አንዱ ለመኝታ ክፍሎች፣ ሌላው ለልብስ ማጠቢያው የታዘዘ ነው። ሁለቱም ዕቃዎች ደርሰዋል፣ ስለዚህ እዚያ ስሕተት የለም።

ጥፋቱ ያለው ቀናቸው በተለያየው በ20ኛውና በ21ኛው መስመሮች ላይ ነው። በ20ኛው ቀን ምሽት ገዢው ከፈለ፤ ባንኩ ገንዘቡን ቀነሰ፤ ማረጋገጫው ግን ለሻጩ ሳይደርስ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ድረ ገጹ “አልተሳካም” ስላለ ገዢው እንደገና አዝዞ ከፈለ፤ ሁለተኛውን ክፍያ ባንኩ በማግስቱ መዘገበው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሻጩ ዝርዝር ውስጥ ያልተሳካው ትዕዛዝም ከነዋጋው ተቀምጧል። ሁኔታውን የሚያሳየውን አምድ ሳታዩ ብትቆጥሩ በባንኩ አራት፣ በሻጩም አራት ይሆንና ሂሳቡ የታረቀ ይመስላል። 2,400 ብሩ ተደብቆ የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው። መቆጠር ያለበት Completed የተባለው ብቻ ነው፤ Failed እና Cancelled የተባሉት አይቆጠሩም። የሁኔታው ስም ከሻጭ ሻጭ ይለያያልና አስቀድማችሁ አጣሩ። ሁለቱን ዝርዝሮች በአንድ የExcel ፋይል ውስጥ በሁለት ገጽ አስቀምጡ፤ የባንኩን ገጽ Bank፣ የትዕዛዙን ገጽ Orders ብላችሁ ሰይሙ፤ በሦስተኛው ገጽ አምድ A ላይ ከA2 ጀምራችሁ እያንዳንዱን የገንዘብ መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉና አጠገቡ ይህን ቀመር አስገቡ፤ በBank ገጽ የባንኩ ወጪ በአምድ C፣ በOrders ገጽ ደግሞ የትዕዛዙ ሁኔታ በአምድ C፣ ዋጋው በአምድ D ከሆነ፦

```
=COUNTIF(Bank!C:C,A2)-COUNTIFS(Orders!D:D,A2,Orders!C:C,"Completed")
```

ውጤቱ 0 ከሆነ ቁጥሩ ገጥሟል። 1 ከሆነ ትዕዛዝ ያልተገኘለት አንድ ክፍያ አለ። በእኛ ምሳሌ አራት ሲቀነስ ሦስት፣ 1 ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን የሁለቱንም የገንዘብ አምዶች በSUM ደምሯቸው፤ ቁጥር እያያችሁ ድምሩ ዜሮ ከመጣ ገንዘቡ እንደ ጽሑፍ ተቀምጧልና ወደ ቁጥር ቀይሩት።

አሁን ትርፉ የትኛው መስመር ነው? ብዙ ሰው የኋለኛውን ይጠቁማል። በዚህ ጉዳይ ግን ትርፉ የፊተኛው፣ የ20ኛው ቀን ነው፤ ዕቃው የመጣው በሁለተኛው ክፍያ ነውና። ይህን የሚያሳያችሁ ዝርዝሩ የክፍያ መለያ ቁጥር የሚይዝ ከሆነ እሱ ነው፤ ከተሳካው ትዕዛዝ ጎን ያለውን ቁጥር በባንኩ መግለጫ ላይ ፈልጉ፤ ባለቤት ያጣው ሌላው መስመር ትርፉ ነው። የተሳሳተውን መለያ ይዛችሁ ብትከራከሩ ሻጩ “ለዚህ ክፍያ ዕቃ ወስዳችኋል” ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው።

ቀመሩ የማያየውም አለ። አንድ ትዕዛዝ በሁለት ጭነት ተልኮ በሁለት ክፍያ ሊቆረጥ ይችላል፤ ያኔ መጠኑ በየትኛውም ወገን አይገጥምምና ያልገጠሙትን መስመሮች እየደመራችሁ ከትዕዛዙ ጠቅላላ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። በወሩ መጨረሻ ቀን የታዘዘ ዕቃም በሚቀጥለው ወር መግለጫ ላይ ሊወጣ ስለሚችል የባንኩን መግለጫ ስታወርዱ ከወሩ በፊትና በኋላ ጥቂት ቀናት ጨምሩ።

ከመጠየቃችሁ በፊት የመግለጫውን የገቢ አምድም ተመልከቱ፤ ያልተሳካ ክፍያ ከቀናት በኋላ ራሱ ሊመለስ ይችላል። ካልተመለሰ በመጀመሪያ ለሻጩ ጻፉ፤ ያልተሳካውን የትዕዛዝ ቁጥር፣ ባለቤት ያጣውን የክፍያ መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና መጠኑን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሻጩ ገንዘቡ አልደረሰኝም ካለ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ከመግለጫው ጋር አያይዛችሁ ለባንኩ አስገቡ።