«ያላገባች» የሚለው ወረቀት የፍቺ ማስረጃ አይሆንም

ጥያቄ፦ የጎንደር ማራኪ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ አሜሪካዊ ዜጋ ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃድ እንዳገኝ በፎርም I-130 አመልክቶልኛል። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንን አስገብተናል፤ የተጋባነው ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። አሁን የሁለታችንም የቀድሞ ትዳር መፍረሱን አስረዱ የሚል ደብዳቤ ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን መጣ። እኔ ከመጀመሪያው ባለቤቴ የተለያየሁት በሽማግሌ ነው፤ ስምምነቱን ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 12 ቀን 2010 አጽድቆታል። በእጄ ያለው ግን የሽማግሌዎቹ ወረቀትና ቀበሌ «ያላገባች» ብሎ የሰጠኝ ማስረጃ ብቻ ነው። የባለቤቴ የቀድሞ ሚስት በ2006 ጎንደር አርፋለች፤ የሞት ምስክር ወረቀት አልወጣላትም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የጋብቻ ምስክር ወረቀት መጋባታችሁን ያሳያል። መርማሪው አሁን ማወቅ የፈለገው በተጋባችሁበት እሑድ ሁለታችሁም ለመጋባት ነጻ መሆናችሁን ነው። ለዚህ የእርስዎ ፍቺና የቀድሞዋ ባለቤት ሞት ከጥቅምት 18 ቀን 2011 መቅደማቸው በሰነድ መታየት አለበት።

ከቀበሌው ወረቀት ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ባለቤትዎ በፎርሙ ላይ እርስዎ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አግብተው እንደነበር ሞልተዋል። የቀበሌው ወረቀት ደግሞ «ያላገባች» ይላል። የፈታ ሰው «የፈታች» እንጂ «ያላገባች» አይባልም። ስለዚህ ወረቀቱ ፍቺውን ከማስረዳት ይልቅ ከራስዎ ማመልከቻ ጋር ይጋጫል። እንደ ማስረጃ አይላኩት። ቀድሞ ተልኮ ከሆነ ባለቤትዎ ስሕተቱን ሳይደብቁ በደብዳቤ ያስረዱ።

የሽማግሌዎቹ ወረቀትም ስምምነት እንጂ ፍቺ አይደለም። የሚፈለገው ስምምነቱን ያጸደቀው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ወደዚያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄደው የውሳኔውን ግልባጭ ይጠይቁ፤ የመዝገብ ቁጥሩ ከጠፋብዎ በእርስዎና በቀድሞ ባለቤትዎ ስም እንዲሁም በዓመቱ እንዲፈልጉልዎ ይጠይቁ። ግልባጩ ላይ ፊርማ፣ ክብ ማኅተምና ውሳኔው የተሰጠበት ቀን መኖራቸውን ከመስኮቱ ሳይርቁ ያረጋግጡ። ፍቺው የተፈጸመበት ቀን ተብሎ የሚወሰደው ይህ እንጂ ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት ቀን አይደለም።

ከዚያ ትርጉሙ አለ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2010 በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ቀን 2017 ነው፤ ሠርጋችሁ ደግሞ ኦክቶበር 28 ቀን 2018። ታኅሣሥ ተንኮለኛ ወር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 22ኛው ቀን ድረስ በዓመቱ ላይ የሚደመረው ሰባት ሲሆን ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ተርጓሚው በልማድ ስምንት ከደመረ ፍቺዎ ዲሴምበር 2018 ላይ ይወድቅና ከሠርጉ በኋላ ይመጣል። በወረቀት ላይ ሳይፈቱ ያገቡ ሆኑ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጋብቻ አሜሪካኖቹ አይቀበሉትም። አንድ ደንበኛዬ በዚህ በአንድ አኃዝ ምክንያት ወራት ተጉላልቷል። ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ለመተርጎምም ብቁ መሆኑን ጽፎ መፈረም አለበት።

የሟቿ ጉዳይ ከሁሉም ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ነገ ጠዋት የሚጀምሩት ከእሱ ይሁን። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ በ2006 ያረፈ ሰው ምስክር ወረቀት ባይኖረው አይገርምም። ሟቿ ይኖሩበት ወደነበረው ቀበሌ ሄዳችሁ የክብር መዝገብ ሹሙን አነጋግሩ፤ የቀብሩን የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ፣ የእድሩን ማስረጃና ታክመው ከነበረ የሆስፒታሉን ወረቀት ያዙ። ሹሙ በቂ አይደለም ካለ ሞቱ በፍርድ ቤት በምስክር ተረጋግጦ በውሳኔው መሠረት ይመዘገባል።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በክርስትና ስም ነው፤ «ወለተ ማርያም» የሚለውን ያየ መርማሪ ፎርሙ ላይ ካለችው ሴት ጋር ሊያገናኘው አይችልም። እድሩ በጽሑፉ የዓለም ስሟንም የክርስትና ስሟንም አንድ ላይ ቢያሰፍር፣ ምስክሮቹም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ቢናገሩ ክፍተቱ ይዘጋል። ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ የሞት ቀን፣ የምዝገባ ቀንና የተሰጠበት ቀን ለየብቻ ይሰፍራሉ፤ ተርጓሚው አያምታታቸው። ዘግይቶ የተመዘገበ ሰነድ በጥርጣሬ ስለሚታይ የድሮዎቹን ደብዳቤዎች አብራችሁ አያይዙ።

በመጣላችሁ ደብዳቤ ላይ የመጨረሻ ቀን ተጽፏል፤ አይራዘምም። መልሱንም መላክ የሚቻለው በአንድ ጊዜ ነው። ግልባጩ ደርሶ የሞቱ ወረቀት ገና ቢሆን አንዱን አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ከፊሉን መላክ ባለው ማስረጃ ወስኑልን እንደማለት ይቆጠራል።