ሕጉን ከመጀመሪያው ፊደል አትገምቺ

«ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ አራት ኪሎ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። የባንክ ፈተና በተፈተንኩ ቁጥር ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን እወጣዋለሁ፤ የፊደል ኮድ ጥያቄዎች ላይ ስደርስ ግን የቃሉ ፊደሎች ወደ ሌላ ፊደል የተለወጡበትን ሕጉን ስፈልግ ሰዓቱ ያልቃል። የፊደሎቹን ተራ ቁጥርም በቃሌ አልያዝኩም። ወንድሜ ‹ለአፕቲቲውድ ኮርስ ልክፈልልሽ› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ባንክ ያለ ዘመድ አይገባም፤ ይልቅ ማስተርስሽን ቀጥዪ› ትላለች። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ሰዓትሽን የሚበላው የሕጎቹ ብዛት ሳይሆን የፍለጋሽ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። አብዛኛው ተፈታኝ የመጀመሪያውን ፊደል አይቶ ሕግ ይገምታል፣ ግምቱን እስከ መጨረሻው ፊደል ይዞት ይሄዳል፣ ሳይሰራለት ሲቀር ደግሞ ሌላ ግምት ይዞ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

ከተራ ቁጥሩ ልጀምር፤ እርሱ ሳይኖር ሌላው ሁሉ አይሆንምና። እኛ የእንግሊዝኛ ፊደላትን የያዝነው በዜማ ስለሆነ R ስንተኛ ናት ብንባል ከA ጀምረን በሆዳችን መዘመር ይቀናናል፤ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ይህ ለእያንዳንዱ ፊደል ይደጋገማል። ስለዚህ «ጀምሩ» እንደተባለ፣ ገና ጥያቄ ሳታነቢ፣ ለራፍ በተሰጠሽ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ጻፊ። የታችኛው ረድፍ ወደ ኋላ የሚሄደው ሆን ተብሎ ነው።

```
A  B  C  D  E  F  G  H  I  J  K  L  M
1  2  3  4  5  6  7  8  9  10 11 12 13
Z  Y  X  W  V  U  T  S  R  Q  P  O  N
26 25 24 23 22 21 20 19 18 17 16 15 14
```

ከላይና ከታች የተያዩት ፊደላት ተራ ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 27 ይሆናል። በፈተና ላይ A ወደ Z፣ B ወደ Y የሚለወጥበት የመስታወት ኮድ ሲመጣ ማስላት አያስፈልግሽም፤ ከሰንጠረዡ ላይ ፊት ለፊት ያለውን ማንበብ ብቻ ነው። ራፍ ወረቀት በማይሰጥበት ቦታ ደግሞ EJOTY የምትለዋን ፊደል ስብስብ ያዢ፦ 5፣ 10፣ 15፣ 20 እና 25ኛ ፊደላት ናቸው፤ ከA እና ከB በቀር ሌላውን ሁሉ ከእነርሱ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ሄደሽ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። MARKET የሚለው ቃል ኮድ በN ይጀምራል እንበል። M 13፣ N 14 ስለሆኑ «እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ወደ ፊት ይሄዳል» ብለሽ ትፈርጃለሽ። ነገር ግን 13 እና 14 ሲደመሩ 27 ናቸው፤ ስለዚህ የመስታወት ኮድም ቢሆን N ነበር የሚመጣው። በአንድ የመጨመሩ ሕግ NBSLFU ይሰጣል፣ የመስታወቱ NZIPVG ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ፊደል ግን ሁለቱን አይለይልሽም። ፈታኞች ይህንን የሚያደርጉት አንዳንዴ ሳያስቡት፣ አንዳንዴ ግን አስበውበት ነው።

ከመጀመሪያው ፊደል ይልቅ ቀድመሽ ልታዪው የሚገባው በቃሉ ውስጥ የተደጋገመ ፊደል ነው። ጥያቄው እንዲህ ቢሆን፦ COFFEE በኮድ DQIJJK ተብሎ ከተጻፈ፣ CTHEI የየትኛው ቃል ኮድ ነው? ምርጫዎቹ BROAD፣ BRAND፣ BREAD እና BRAID ናቸው።

COFFEE ውስጥ ሁለት F ተከታትለው አሉ። በኮዱ በእነርሱ ቦታ የተቀመጡት I እና J ናቸው፤ ማለትም አንዱ F አንድ ነገር፣ ሌላው F ሌላ ነገር ሆኗል። ሕጉ ለሁሉም እኩል የሚጨምር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ F ተመሳሳይ ፊደል ይሆኑ ነበር፤ ለምሳሌ በሁለት ቢጨመር EQHHGG፣ በመስታወት ቢሆን XLUUVV። ስለዚህ አንድም ቁጥር ሳትጽፊ ሁለቱን የተለመዱ ሕጎች ጥለሽ፣ ጭማሪው በፊደሉ ቦታ የሚወሰን መሆኑን አወቅሽ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በኮዱ ውስጥ JJ ታያለሽና «ድርብ ፊደሉ እነሆ» ልትዪ ትችያለሽ። የመጀመሪያው J ግን የመጣው ከF፣ ሁለተኛው ከE ነው። ድርብ ፊደል የሚፈለገው ከዋናው ቃል ውስጥ ሲሆን፣ ኮዱ ውስጥ ቦታውን ተከትለሽ ምን እንደሆነ ታያለሽ።

ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ለኪ። C 3፣ D 4 ናቸውና ልዩነቱ +1 ነው። በመጨረሻ E 5፣ K 11 ናቸውና +6 ነው። ቃሉ ስድስት ፊደል አለው፤ በ1 ተነስቶ በ6 የሚያልቅ ከሆነ ጭማሪው በየቦታው አንድ አንድ እያደገ መሄዱ ነው የሚያስገምተው። ግምቱን ከመሃል በአንድ ፊደል አረጋግጪ፦ ሦስተኛው ፊደል F 6፣ I 9፤ +3 ሆነ፣ ልክ ነው። ስድስቱንም ፊደል ማስላት አላስፈለገሽም።

አሁን CTHEI ኮድ ነው፤ ወደ ቃሉ የምንመለሰው በመቀነስ ነው። አምስቱንም ፊደል ለመቀነስ ግን አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ምርጫዎቹን ተመልከቻቸው። አራቱም በBR ይጀምራሉ፣ በD ያልቃሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና በመጨረሻው ፊደል ላይ የምታጠፊው ጊዜ ምንም አይለይልሽም። ሦስተኛው ፊደል ግን O፣ A፣ E እና A ነው። H 8 ሲሆን 3 ሲቀነስ 5 ይቀራል፤ E ነች። BREAD ብለሽ አጥቁሪና ወደሚቀጥለው ሂጂ።

አቅጣጫን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ጥያቄ ላይ በስህተት በመቀነስ ፈንታ ብትጨምሪ DVKIN ይወጣልሻል፤ የማይነበብ ስለሆነ ስህተቱ ራሱ ይነግርሻል። ጥያቄው ቃል ሰጥቶ ኮዱን ሲጠይቅ ግን ትክክለኛውም የተሳሳተውም መልስ የማይነበብ ስለሆነ የሚያስጠነቅቅሽ ነገር የለም፤ በተሳሳተ አቅጣጫ የተሰላውም መልስ ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ለዚያ ዓይነቱ ጥያቄ ከሰንጠረዡ ጎን «ቃል ወደ ኮድ» ብለሽ ቀስት አድርጊና የተሰጠው ምሳሌ በመደመር ሄዶ እንደሆነ ወይም በመቀነስ አንድ ጊዜ ምልክት አድርጊበት።

ጫፎቹና ድርቡ ምንም ሥርዓት ካልሰጡሽስ? COFFEE ኮዱ FFGGPD ቢሆን ልዩነቶቹ +3፣ −9፣ +1፣ +1፣ +11፣ −1 ይሆናሉ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ዘላለም ይቆጥራሉ። ዓይንሽን ከቁጥሩ አንስተሽ ቅርጹን ተመልከቺ፦ ቃሉ ሁለት ነጠላና ሁለት ድርብ ነው፣ ኮዱ ደግሞ ሁለት ድርብና ሁለት ነጠላ። ተገልብጧል ማለት ነው። EEFFOC ብለሽ ብትጽፊው እያንዳንዱ በአንድ መጨመሩ ወዲያው ይታያል። ድርብ ፊደል በሌለው ቃል ላይ ደግሞ የኮዱን የመጀመሪያ ፊደል ከቃሉ የመጨረሻ ፊደል ጋር፣ የኮዱን የመጨረሻ ከቃሉ የመጀመሪያ ጋር አነጻጽሪ።

ትልቅ የቅነሳ ቁጥር ሲያጋጥምሽም ሥርዓት ጠፋ ከማለትሽ በፊት 26 ጨምሪበት። Y ወደ B ሲሄድ ልዩነቱ −23 ይመስላል፤ 26 ሲጨመርበት +3 ይሆናል፤ ከZ በኋላ ተመልሶ ከA ስለሚቀጥል ነው። ፒያሳን PIAZZA ብለሽ በ1፣ 2፣ 3 እያሳደግሽ ብትኮጂ QKDDEG ታገኛለሽ፤ በሁለቱ Z ላይ ምን እንደሆነ በራስሽ አስልተሽ እይው። አናባቢዎች በአንድ ሕግ፣ ተነባቢዎች በሌላ ሕግ የሚሄዱበትም አለ፤ ድርቡ፣ ጫፉና ግልባጩ ካልሰሩ በኋላ የሚሞከር ነው። እርሱም ካልሆነ ጥያቄ ቁጥሩ ላይ ምልክት አድርገሽ እለፊው። በዚያ ጥያቄ ላይ ለተጨማሪ ደቂቃ ስትቆዪ፣ በደንብ የምትችዪው የሒሳብ ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል።

የቃሉን ርዝመትም ልብ በዪ። የተሰጠው ምሳሌ ሦስት ፊደል ብቻ ከሆነ ከአንድ በላይ ሕግ ሊስማማው ይችላል፤ ጥሩ ፈታኝ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ምሳሌ ይሰጣል። ሁለት ምሳሌ ከተሰጠሽ በረጅሙ ላይ ፈልገሽ በአጭሩ አረጋግጪ።

የወንድምሽን ገንዘብ በተመለከተ በግልጽ እናገራለሁ፤ አይክፈል። ብዙዎቹ ኮርሶች የሚሸጡልሽ ረጅም የሕግ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ እዚያው አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በጥቂት ብር ታገኚዋለሽ። የጎደለሽ የሕግ ስም አይደለም።

እናትሽ ያሉትን ደግሞ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም፤ በዘመድ የሚገባ ሰው አለ። ነገር ግን ከሰንጋ ተራ ብዙ በማይርቅ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመት የጽሑፍ ፈተና ሳርም ኖሬ ያየሁት፣ ዘመድ የሌላቸው ልጆች በብዛት የሚቀሩት ቃለ መጠይቁ ጋ ደርሰው ሳይሆን እዚያው ወረቀቱ ላይ ነው። ማስተርስ መሸሸጊያ የሚሆንሽ እንዳይመስልሽም፤ ለመግባት ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ትፈተኛለሽ፣ እርሱም የማመዛዘን ጥያቄ አለበት። እኔ ሥራውን ይዤ በማታ ነው የተማርኩት፤ ለአንድ ቤት በአንድ ሰው ደመወዝ ከመማር የተሻለ ነበር፣ ላንቺም የሚሻለው ይኸው ይመስለኛል።

ወንድምሽ ግን ሊረዳሽ ከፈለገ ገንዘቡን ትቶ ምሽቱን ይስጥሽ። ከታክሲ ታፔላና ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት መርጦ፣ አንዱን በመስታወት፣ አንዱን እያሳደገ፣ አንዱን ገልብጦ ይኮደው፤ የትኛውን ሕግ እንደተጠቀመ አይንገርሽ። ድርብ ፊደል ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ቀላቅሎ ያቅርብልሽ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ብቻ የሚለያዩ አራት ምርጫዎች እንዲጽፍልሽ ንገሪው፤ ያለ ምርጫ ከተለማመድሽ ሁሉንም ፊደል የማስላት ልማድሽ ይጠነክራልና።