«ምንጭ ተከታይ» ማን ማንን ይከተላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኤሌክትሮኒክስ ማስታወሻዬን በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። የሞስፌት ትራንዚስተሩን ሶርስ ፎሎወር «ምንጭ ተከታይ» አልኩት። ልክ ነው? የመውጫ ሬዚስታንሱ ትንሽ ስለሆነ ባፈር ይሆናል ሲባልስ፣ ከስሙ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ግንኙነቱን የሸፈነብዎ ስሙ ነው። በአማርኛ ከአድራጊው ፊት የሚቆመው ስም ተደራጊው ነው። እንጨት ፈላጭ እንጨቱን ይፈልጣል፤ ከብት ጠባቂ ከብቱን ይጠብቃል። «ምንጭ ተከታይ» ካሉ ምንጩ ከፊት ይመራል ማለት ነው። ሞስፌቱ ላይ ግን መሪው የመግቢያው እግር ጌቱ ነው፤ የመውጫው እግር ሶርሱ ከኋላው ይሄዳል።

ቃሉንም ልፍታው። የ«ተከተለ» ፊተኛው «ተ» ቅጥያ ነው፤ ሥሩ ከ-ተ-ለ ነው። «አስከተለ» ስንል «ተ» የሚወድቀው ለዚህ ነው። ጌቱ ሶርሱን ያስከትላል፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ጌቱን በአንድ ቮልቴጅ ላይ ያቁሙትና ሶርሱን ትንሽ ወደ ታች ይጎትቱት። በሁለቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ ይሰፋል። ትራንዚስተሩ ከረንት ይጨምርና ሶርሱ ብዙ ሳይወርድ ይቆማል። ለአንድ ቮልት የሚጨመረው ከረንት gm ነው፤ ስለዚህ የመውጫ ሬዚስታንሱ 1/gm ገደማ ነው።

አንድ ማጉያ 100 ሚሊቮልት ያወጣል እንበል፤ የመውጫ ሬዚስታንሱ 10 ኪሎ ኦም ነው። 1 ኪሎ ኦም ጭነት በቀጥታ ቢያስሩበት ጭነቱ ላይ የሚቀረው 9 ሚሊቮልት ብቻ ነው። መሃል ላይ በ1 ሚሊአምፔር የሚሠራ ሶርስ ፎሎወር ባፈር አድርገው ያስገቡ። በጌቱና በሶርሱ መካከል ያለው ቮልቴጅ ከትራንዚስተሩ መክፈቻ ቮልቴጅ 0.2 ቮልት ቢበልጥ gm 10 ሚሊአምፔር በቮልት ይሆናል፤ መውጫውም 100 ኦም። አሁን ጭነቱ 91 ሚሊቮልት ያገኛል። ጌቱ ቋሚ ከረንት ስለማይወስድ ማጉያውም አይጎዳም።

ታዲያ ሁልጊዜ አይሆንም። መውጫው ከጌቱ ወደ 0.9 ቮልት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል (መክፈቻው 0.7 ከሆነ)። የኃይል ምግቡ 1.8 ቮልት ብቻ ከሆነ ግማሹ ሄደ። ሲግናሉ ሲያድግም ሶርሱን ወደ ታች የሚስበው ያው 1 ሚሊአምፔር ነው፤ ስለዚህ 1 ኪሎ ኦሙ ላይ ሲግናሉ ከመነሻው ከ1 ቮልት የበለጠ ወደ ታች መውረድ አይችልም። ኦሲሎስኮፑ ላይ የሞገዱ የታችኛው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ካዩ ምክንያቱ እሱ ነው።

የሙያ ቃል በሰዋስው አይመዘንም፣ ተማሪው ይለምደዋል የሚሉ አሉ። አልቀበልም። የተገለበጠ ስም የለመደ ተማሪ ጌቱን ትቶ ሶርሱን መሪ አድርጎ ያስባል፤ የርስዎም ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነው። «ምንጭ» ደግሞ ለኃይል ምንጭም እያገለገለ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሥዕል ላይ ሲገናኙ ያምታታሉ። እኔ ብሆን «ጌት ተከታይ» እል ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው «ሶርስ ፎሎወር» ይላል፤ እኔም እዚህ መልስ ውስጥ ሳላስበው ብያለሁ። እንግዲህ እርስዎም እንዲያው ይጻፉት፤ «ምንጭ ተከታይ» ግን ይሰረዝልኝ።